ሁሉም ሰው ያጨበጨበለት የበዓል ዶሮ

ሐሳቡ የመጣልኝ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ መሥሪያ ቤት ምሳ እየበላን ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ያለፈውን እንቁጣጣሽ አንስታ ዋዜማውን እንዴት እንዳሳለፈች ነገረችን። ከሥራ አመሻሽ ላይ ገብታ፣ ዶሮውን አሳርዳ፣ ላባ ስትነጭ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖባታል። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሴቶች በሙሉ ያው ነበርን። እኔም «ታርዶ፣ ተነጭቶ፣ አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር ቤትሽ ድረስ ቢመጣልሽስ?» አልኳት። ሁሉም ባንድ ድምፅ «ዛሬ ነይ ብትይኝ ዛሬ እከፍላለሁ!» አሉ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእህቴ ነገርኳት፣ ወደደችው። ለአክስቴ ነገርኳት፣ መረቀችን። ሐሳቡን ሰምቶ ፊቱ ያልበራ ሰው አልነበረም። ለሁለት ወር ያህል ያገኘሁት ይህንኑ ብቻ ስለነበር የሰው ደስታ ገበያ መስሎኝ ቆየ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሐሳብ ይዛችሁ ዕቁባችሁን ልታወጡ ለተዘጋጃችሁ ነው። የእኔ ዕቁብ 40,000 ብር ነበር።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያሰላሁት ይህን ይመስላል። ዶሮ 650 ብር። ሽንኩርት ሦስት ኪሎ በ45 ብር፣ 135። ሎሚና ጨው 25፣ መያዣ ዕቃ 30። ድምሩ 840 ብር ይመጣል። በ1,300 ብር ብንሸጠው ከአንዱ 460 ብር ይተርፋል፤ 60 ዶሮ ብንሸጥ 27,600 ብር። በሁለት ቀን! እህቴ ይህን ስታይ የሒሳብ ማሽኑን ተቀብላኝ ደግማ መታችው።

ቅቤና በርበሬ በጥቅሉ ውስጥ አልነበሩም። መጀመሪያ አስገብተናቸው ነበር፤ ምክንያቱም በዶሮ ወጥ ሥራ ውስጥ ጥሩ ትርፍ ያላቸው እነሱ ናቸው። በርበሬ በጅምላ ገዝተሽ፣ ቀምመሽ፣ አስፈጭተሽ በትንሽ በትንሹ ስትሸጪው ልዩነቱ ጥሩ ነው፣ ቶሎም አይበላሽም። ግን አስቀድመን ካነጋገርናቸው ሴቶች በርበሬያችንን የምትቀበል አንዲትም አላገኘንም። «በርበሬ የእናቴ ነው»፣ «ቅቤ ከገጠር ነው የሚመጣልኝ» ይላሉ። ልክ ናቸው። የዶሮ ወጥ ጣዕም የቤት ጣዕም ነው፤ ማንም ሴት ያንን ከሌላ ሰው እጅ አትቀበልም። ለእኛ የተረፈልን ድካሙ ብቻ ነበር። ይህን ያኔ በደንብ አላጤንኩትም። ትርፍ ያለውን ነገር ደንበኛው አልፈልግም ካለ፣ የሚቀርልሽ ጉልበት መሸጥ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ዋጋው የታወቀ ነው።

ዋጋውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እኛ ሰፈር በበዓል ዋዜማ ቤት ለቤት እየዞሩ ዶሮ የሚገነጥሉ ሴቶች አሉ። አንዷ ዶሮውን አሳርዳ፣ ነጭታ፣ በእሳት ለብልባ፣ ብልት አውጥታ፣ አጥባ የምትቀበለው 200 ብር ነበር። እንግዲህ ደንበኛዬ ዶሮውን ራሷ መርጣ በ700 ብር ብትገዛ፣ ሽንኩርቱን በ150 ብር ብትጨምር፣ ለሴትየዋ 200 ብትከፍል 1,050 ብር ይመጣባታል። እኔ የምጠይቃት 1,300 ነው። ስለዚህ ከእኔ የምትገዛው 250 ብር የሚያወጣ ምቾት ነው ማለት ነው። ከዚያ 250 ላይ ሞተረኛው ብቻ በአማካይ 110 ብር ይወስዳል። ሴትየዋ ለሞተር አትከፍልም፣ ማቀዝቀዣ አትከራይም፣ የሞተ ዶሮ አይቆጠርባትም፣ እጇንና ቢላዋዋን ይዛ በእግሯ ትመጣለች። እኔ ዋጋዬን ከእሷ ብዙ ማራቅ አልችልም፤ ወጪዬ ግን ከእሷ በብዙ ይበልጣል። ማንም ሰው ገበያ ከመግባቱ በፊት «ደንበኛዬ እኔ ባልኖር ዛሬ ይህን በስንት ትጨርሰዋለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ ነገር እዚያው ይታወቃል። እኔ ስጠይቅ የነበረው ግን «ትወጂዋለሽ?» እያልኩ ነው።

ገና ቅዳሜ ታኅሣሥ 29 ዋለ። በቴሌግራም ያስተዋወቅነው 60 ትእዛዝ አመጣልን፤ ግማሽ ክፍያ በቴሌብር አስቀድመን ተቀበልን። ረቡዕ ዕለት ከሾላ ገበያ 40 ዶሮ በ650 ብር ገዛን። ትእዛዙ ሐሙስም ስለቀጠለ 26 ዶሮ መጨመር ነበረብን፤ እነዚያን ያገኘናቸው ከ770 እስከ 800 ብር ነው። በአማካይ አንዱ 700 ብር ወጣበት። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት 650 የአዘቦት ቀን ዋጋ ነበር፤ ንግዴ ግን ዋጋው ከፍ በሚልበት ሳምንት ብቻ የሚሠራ ንግድ ነው። ይህ ስሕተት ከሁሉም ይልቅ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በዓል ሲቀርብ ዶሮ እንደሚወደድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቄው ወረቀቱ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

66 ገዝተን 60 ሸጥን። ጓሮ ውስጥ አንድ ላይ ስለተጨናነቁ ሦስቱ ሌሊት ሞተው አደሩ። አንዱ የታመመ ይመስል ስለነበር ጣልነው። ሁለቱ ሲነጩ አጥንት ብቻ ሆነው ስለተገኙ ለሠራተኞቹ ሰጠናቸው፤ እነዚያን ለሰው ቤት መላክ አልቻልኩም።

ሥራው ራሱ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ስድስት ሴቶች ሁለት ቀን፣ አንድ አራጅ ደግሞ አንድ ቀን ሠሩ። በብዛት የሚደወልልን «ማን ነው የሚያርደው?» ተብሎ ነበር፤ ደንበኞቻችን ክርስቲያኖች ስለነበሩ በሥላሴ ስም መታረዱን ማወቅ ይፈልጋሉ፣ እኛም በዚያው መሠረት አሳረድን። ጓሮው በላባና በፈላ ውኃ ተሞላ። አንድ ዶሮ በሥርዓቱ እስኪወጣ፣ ደሙ ሙልጭ ብሎ እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግሞ እስኪታጠብ፣ አንዲት ጎበዝ ሴት አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። ይህን ማፍጠን አይቻልም፤ ሞክረነዋል፣ ውኃው እየቀላ ይመጣል። ሽንኩርት ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ልጣ፣ አድቅቃ በሰዓት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ነው የምትጨርሰው። 60 ቤት በሦስት ኪሎ 180 ኪሎ ነው። 180 ኪሎ የተከተፈ ለማግኘት 210 ኪሎ መግዛት ነበረብን፤ ልጣጩና የተበላሸው 30 ኪሎ ወሰደ። እኔ ያሰላሁት ሽንኩርት ልጣጭ እንደሌለው አድርጌ ነበር። በዚያ ላይ የበዓል ሰሞን ስለሆነ በኪሎ 50 ብር ገዛነው።

ሽንኩርቱን ሐሙስ ማታ ከትፈን፣ በላስቲክ አስረን፣ በተከራየነው ፍሪጅ ውስጥ አሳደርነው። ዓርብ ጠዋት ላስቲኮቹን ሳወጣቸው ከታች ውኃ አቁረዋል። አንዱን ፈትቼ አሸተትኩት፤ ትኩስ የተከተፈ ሽንኩርት ዓይን ያቃጥላል እንጂ እንዲያ አይሸትም፤ ይህ ግን አፍንጫ ውስጥ የሚቀር ከባድ ሽታ ነበረው። ሰዓት ስላልነበረን ላክነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ደወለች። «የኔ እህት፣ ሽንኩርቱ ውኃ ብቻ ሆነ፣ ቁሌቱ እምቢ አለኝ፣ ጣዕሙም መረረብኝ፤ ልጆቹን ሽንኩርት ፍለጋ ልኬያለሁ» አለች። ድምፅዋ የንዴት አልነበረም፣ የጭንቀት ነበር። ቁሌት ያበሰለች ሁሉ ይገባታል፤ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ላይ በራሱ እርጥበት ቀስ ብሎ ካልታሸ፣ በርበሬው ከገባ በኋላ የሚድንበት መንገድ የለም። የአንድን ቤት በዓል ልናበላሽ ነበር። የአራት ሰዎችን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ መለስን።

እሑድ ማታ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን እውነተኛውን ሒሳብ ሠራን። የገባው 78,000፣ የተመለሰው 5,200፣ የቀረው 72,800 ብር። ዶሮ 46,200። ሽንኩርት 10,500። ሎሚ፣ ጨውና መያዣ 3,300። የሠራተኞቹ የ13 ቀን ክፍያ በ500 ብር ሒሳብ 6,500። ሞተረኛ 6,600። የፍሪጅ ኪራይ፣ ከሰል፣ ውኃና ላባውን ያነሡልን ልጆች 2,400። የወጣው 75,500 ብር ነው። 2,700 ብር ከስረናል፤ የእኔና የእህቴ የአራት ቀን ድካምም በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

እህቴ «ሽንኩርቱ ባይበላሽ ኖሮ አትርፈን ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ምንም ባይመለስ 2,500 ብር ይተርፈን ነበር። ለ60 ሲካፈል በአንድ ዶሮ 42 ብር ገደማ ነው። 1,300 ብር ተሸጦ 42 ብር የሚተርፍ ነገር አንድ ዶሮ ሲሞት የ17 ዶሮ ያህል ትርፍ ይዞ ይሞታል። ትርፉ ቀጭን ሲሆን ንግዱ ስሕተት የመሸከም አቅም አይኖረውም፤ ሕይወት ባለው እንስሳ፣ በበዓል ዋዜማ፣ በሞተር በሚሄድ ሥጋ ደግሞ ስሕተት ሳይኖር የሚያልፍ ቀን የለም።

ያኔ ያጽናናኝ የደንበኞቹ ቃል ነበር። ከበዓሉ በኋላ ለሁሉም ደውዬ ነበር፤ 41 ሰዎች «በጣም ተደስተናል፣ አደራ እንዳታቆሙ» አሉኝ። በዚህ ተበረታትቼ አንድ ትልቅ ፍሪጅ ልንገዛ ዋጋ ጠየቅን፤ ያገለገለ ሆኖ 38,000 ብር አሉን። ክፍያውን ከመጨረሳችን በፊት ነበር አጎቴ አንድ ጥያቄ የጠየቀኝ። አጎቴ ለዓመታት ሱቅ የነበረው ሰው ነው። «እነዚህ የተደሰቱት ሰዎች መቼ ነው ተመልሰው የሚመጡት?» አለኝ።

ካላንደር ይዤ ቁጭ አልኩ። ዶሮ ወጥ በአዘቦት ቀን የሚሠራ ቤት ብዙ አላውቅም፤ ቢሠራም ለእንግዳ ወይም ለክርስትና ነው። ጥምቀት ሲመጣ ሰዉ ከቤት ውጭ ስለሚውል አምስት ሰው ብቻ አዘዘን። ከዚያ የነነዌ ጾም፣ ከዚያ የካቲት 13 ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን አንድም ዶሮ አይሸጥም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም ይበላል፣ ግን በዓል የለም። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም አለ። ሲጠቃለል ዶሮ ወጥ የግድ የሚሆንባቸው ቀናት እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ናቸው። የእኔ ደንበኛ በምድር ላይ ካሉ ደንበኞች ሁሉ ታማኝ ብትሆን እንኳ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው የምታየኝ።

60 ሰዎች፣ አንድም ሳይቀሩ፣ ሦስቴ ቢመጡ፣ አንድም ዶሮ ባይመለስ፣ በ42 ብር ሒሳብ በዓመት 7,560 ብር ነው። ፍሪጁ 38,000 ብር ነው። አምስት ዓመት ሠርተን ፍሪጁን እንመልሳለን፤ በመሐል ፍሪጁ ያረጃል። አጎቴ ምንም አልተናገረም። ብዕሩን ሰጥቶኝ ራሴ እንድጽፈው ነው ያደረገኝ።

እኔ ግን አላመንኩም፤ በፋሲካ ልሞክር ብዬ ያለ ፍሪጅ ገባሁበት። ሽንኩርቱን በዚያው ሌሊት ከተፍን፣ ዋጋውን 1,500 አደረግን። 48 ትእዛዝ መጣ። ከገናዎቹ 60 ሰዎች የተመለሱት 19 ነበሩ። «አደራ እንዳታቆሙ» ካሉኝ 41 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልመጡም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር የምፈልገው ነገር አለ፤ አላታለሉኝም። ለቀሩት ደግሜ ደውዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዷ «በገና ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ የዶሮ ሽታ አልችልም ነበር፤ አሁን ወልጃለሁ» አለችኝ። የሌላዋ እናት ለበዓሉ ከጎንደር መጥተው ራሳቸው ይሠራሉ። ሌላዋ ሠራተኛ አግኝታለች። አንዷ ደግሞ ከልቧ «ባለፈው ግራ ቢገባኝ ነው እንጂ፣ ዶሮውን ካልመረጥኩ በዓል አይመስለኝም» አለች። እነዚህ ሰዎች የገዙኝ አንድ ጊዜ የደረሰባቸውን ችግር ለማለፍ ነው። ችግሩ ሲያልፍ እኔም አለፍኩ። ደስ መሰኘታቸው እውነት ነበር፤ ተመልሶ የመምጣት ምክንያት ግን አልነበራቸውም። እነዚህን ሁለቱን ለይቼ ባለማየቴ አራት ወር ሙሉ አንዱን በሌላው ሳሰላ ቆይቻለሁ። በፋሲካው 4,100 ብር ተረፈን፤ ለሦስት ሰው የአራት ሌሊት ሥራ ማለት ነው።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ጥቅምት ላይ እንደዚያ «ዛሬ እከፍላለሁ» ሲሉኝ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ቀላል ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በዓል በሌለበት፣ አምስት ዶሮ አሰናድቼ «ይኸው፣ ብሩን አምጡ» ማለት። ማንም አይገዛም ነበር፤ ለአምስት ዶሮ በሚወጣ ገንዘብ ካላንደሩን ያነበብኩት ያህል ይገባኝ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «ትገዢኛለሽ?» በማለት ፈንታ «ባለፈው ዓመት ዶሮሽን ለማሰናዳት ለሰው ስንት ጊዜ ከፈልሽ? ስንት ብር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያለፈውን ስትጠይቂ ሰው ሊያስደስትሽ ብሎ አይመልስም፤ ያደረገውን ነው የሚነግርሽ። በኋላ ይህንኑ የምሳ ጠረጴዛችን ላይ ያሉትን ስድስት ሴቶች ጠየቅኋቸው። ከፍለው የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው፤ ለዚያችው የሰፈር ሴት፣ 200 ብር።

ታሪኩ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሆኖም በሁዳዴ መሐል አንድ ስልክ ተደውሎልኝ ነበር። ከገና ደንበኞቻችን አንዷ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። «ዶሮው ይቅርና ሽንኩርቱን ብቻ በየቀኑ ትከትፉልኛላችሁ? የምትከትፍልኝ ልጅ ሄደችብኝ» አለች። ደስ የማይል፣ ለማንም ብትነግሩት ፊቱ የማይበራ ሥራ ነው። ግን ያኔ ብዕሩ እጄ ላይ ነበር።

ከሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ በኪሎ 45 ብር ሲገዛ፣ ልጣጩ ተቀንሶ አንድ ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት 52 ብር ተኩል ያህል ይወጣበታል። አንዲት ሴት በቀን 40 ኪሎ ከትፋ 500 ብር ስለምትቀበል በኪሎ 12 ብር ተኩል። መጓጓዣና ላስቲክ 5 ብር። 70 ብር ሆነ። በ85 ብር ሸጥነው፤ 15 ብር ይተርፋል። ከ1,300 ብር 42 ብር የምናገኝ ሰዎች ከ85 ብር 15 አገኘን። ሌሊት ከትፈን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስለምናደርስ ውኃ አያቁርም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጥብሱም ሽንኩርት ይፈልጋል፤ ሰው ይጹም፣ ይፍታ፣ ምግብ ቤቷ ከነገ ወዲያ ትደውላለች። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ምግብ ቤቶች ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው በየሁለት ቀኑ 20 ኪሎ። በወር 780 ኪሎ፣ 11,700 ብር ነው። ዶሮው ሁሉም ነገር ቢሳካለት በዓመት ከሚያመጣው ይበልጣል።

ይህም ቢሆን ችግር አለበት። መጀመሪያ ዋጋችንን «የአትክልት ተራው ዋጋ ሲደመር 40 ብር» ብለን ተዋዋልን። ሽንኩርት 90 ብር ሲገባ ትርፋችን በግማሽ ቀነሰ፤ ገዝተን የምንጥለው ልጣጭም አብሮ ስለሚወደድ ነው። አሁን የምናሰላው አንድ ኪሎ ከ170 ግራም የሚሆነውን ያልተላጠ ሽንኩርት ዋጋ ወስደን 33 ብር በመጨመር ነው። አንዱ ምግብ ቤት ደግሞ ዱቤ እያራዘመ ስላስቸገረን ትተነው በሌላ ተካነው።

ለ2016 ፋሲካ ከድሮ ደንበኞቻችን አሥራ አንዱ ለዶሮ ደውለው ነበር። ለእያንዳንዳቸው በሰፈራችን ዶሮ የምትገነጥለውን ሴትና የሁለት ጓደኞቿን ስልክ ሰጠኋቸው። ቅዳሜ ማታ ስንገናኝ እጇ በሎሚ ነጥቶ ነበር፤ ዘጠኝ ቤት ጨርሳ፣ ሁለት ቤት ይቀራታል። በቤት 250 ብር ነበር የጠየቀችው፤ ሙሉው የእሷ ነው።